«ችግር የለም» ያልሽው አንቺው ነሽ

«ሰላም ላንቺ፣ ሁሌ አነብሻለሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ተከራይቼ አንዱን ክፍል ለአንዲት ጀርመናዊት አካፍያለሁ። ለአንድ ዓመት ነው የመጣችው፣ አማርኛ እየተማረች ስለሆነ "በአማርኛ ካልጻፍሽልኝ አልመልስም" ትላለች። ልጅቷ ጥሩ ናት ግን ሳህን አታጥብም! የበላችበትን ሲንክ ውስጥ ከምራ ትተዋለች፣ ከስራ ስመጣ ሽሮው ደርቆ በረሮ ሲዞረው አገኛለሁ። ውሃ በሚመጣበት ማክሰኞና አርብ ሁሉንም ታጥባለች፣ በሌላው ቀን ንክች አታደርገውም። ውሃ እንደሚቆጠብ ደግሞ ስትገባ በደንብ ነግሬያታለሁ። ማታ በቪዲዮ ኮል እስከ 6 ሰዓት ትስቃለች፣ ግድግዳችን አንድ ነው፣ እኔን ሰርቪስ በ12 ተኩል ነው የሚያነሳኝ። "ከ4 ሰዓት በኋላ አታውሪ" ብያት "እሺ" ብላኝ ነበር፣ ምንም ለውጥ የለም። እኔ ግን በ11 ሰዓት ተነስቼ መዝሙር ስከፍት ፊቷ ይጠቁራል። ይህን ልልክላት ነው፣ እስኪ እዪልኝ፦ "ሰላም የኔ ቆንጆ እንዴት ነሽ? ይቅርታ ግን አንዳንዴ ሳህኑ ቶሎ ቢታጠብ ጥሩ ነበር ብዬ ነው፣ ማታም ትንሽ ቀነስ ቢደረግ፣ ካልተመቸሽ ግን ችግር የለም 😊"
እንቅልፍ ያጣችው፣ ከጀሞ»

የኔ እህት፣ ይህችን ቴክስት እንዳትልኪያት። ቴክስቷ ክፉ ሆና አይደለም፣ እንዲያውም ለኔ ብትልኪልኝ በአስር ደቂቃ ውስጥ እጄን ሳፋ ውስጥ ታገኚው ነበር፣ ምክንያቱም እኔ እዚሁ ነው ያደግኩት፣ «ቢታጠብ ጥሩ ነበር» ሲባል ከኋላው ምን እንደሚመጣ ከናቴ ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። እሷ ግን ቃል በቃል ነው የምታነበው፣ ምናልባትም መዝገበ ቃላት አጠገቧ አስቀምጣ። እስኪ አንድ ጊዜ እሷን ሆነሽ አንብቢው። «ሳህኑ ቢታጠብ»፣ እሺ ማን ነው የሚያጥበው? አድራጊው አልተጠቀሰም። «አንዳንዴ»፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አይደለም። «ጥሩ ነበር»፣ ክላስ ውስጥ «ነበር» ያለፈ ጊዜ ነው ተብላለች፣ ስለዚህ ድሮ ጥሩ ነበር፣ አሁንስ? «ትንሽ ቀነስ ቢደረግ»፣ ምኑ? መብራቱ? «ካልተመቸሽ ችግር የለም» ጋ ስትደርስ እፎይ ትልና ስልኳን አንስታ ጓደኛዋ ጋ ትደውላለች።

እኛ እኮ ከሰው ቤት ስንወጣ «መጣሁ» ብለን የምንሄድ ሰዎች ነን። እርስ በርስ እንግባባለን፣ ምንም አይደል፣ ግን ቋንቋውን ገና በፊደል ቆጠራ ላይ ያለ ሰው ከውጭ ሲሰማን ምን እንደሚመስል አስቢው።

የራሴን ልንገርሽ። ስራ በጀመርኩ ሰሞን ከአንዲት ሆላንዳዊት ጋር ስምንት ወር አብሬ ኖሬያለሁ። ቡና ትወዳለች፣ በጀበና ማፍላት ተምራለች፣ ግን አተላውን ጀበናው ውስጥ ትታው ትሄዳለች። ሶስት አራት ቀን ሲያድር አናቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ይጥላል። እኔ ምን አደረግኩ? ጀበናውን እያንጓጓሁ አጠብኩ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈስኩ፣ ድስት ከሚገባው በላይ እያንኳኳሁ አስቀመጥኩ፣ እሷ «ይቅርታ እኔ ላጥበው?» ስትለኝ ደግሞ «አይ ተይው ችግር የለም» አልኩ። ስትለቅ አንድ ካርድ ትታልኝ ሄደች፣ በህይወቷ እንደኔ ምንም ነገር የማይረብሸው ሰው አይታ እንደማታውቅ ጽፋበት። ስምንት ወር ሙሉ ሆዴ ሲንተከተክ ነበር እኮ! ካርዱ እስካሁን አለኝ፣ ሳየው አሁንም እናደዳለሁ፣ ግን በማን እንደምናደድ አላውቅም።

አሁን ወዳንቺ። ደብዳቤሽ ውስጥ ሳታስተውዪ የጻፍሻት አንዲት ነገር አለች፣ ማክሰኞና አርብ። የሰነፍ ሰው ስንፍና ቀን አይመርጥም እኮ። ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ማክሰኞም አታጥብም ነበር። ይቺ ልጅ ውሃ የምትጠብቅ ነው የሚመስለኝ። አንቺ ስትገባ «ውሃ ቆጥቢ» ብለሻታል፣ እሷም እየቆጠበች ነው! ካገሯ ቧንቧ ሲከፈት ሁሌ ውሃ አለ፣ ውሃ መቆጠብ ለሷ ማለት ቧንቧ አለመክፈት ነው፣ ቧንቧው ከደረቀ ደግሞ ሳህን የሚታጠብበት መንገድ የለም፣ በረንዳ ላይ ያለው ጀሪካን ለመጠጥና ለሽንት ቤት ብቻ ሳይመስላት አይቀርም። በሁለት ሳፋ ማጠብን ማን አሳይቷታል? «ነግሬያታለሁ» ነው ያልሽኝ፣ «አሳይቻታለሁ» አላልሽም።

የሚያሳዝነው ደግሞ እየቆጠበች መስሏት እያባከነች መሆኗ ነው። ሽሮ ዱቄት ነው፣ ሲደርቅ ሙጫ ነው። እኔ ቤት ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ሒሳቡን በደንብ አውቀዋለሁ፦ የሁለት ሰው የቀን ሳህን ወዲያው ከታጠበ አንድ ሳፋ በላርጎ አንድ ሳፋ ለማለቅለቂያ፣ እያንዳንዱ አምስት ሊትር ቢይዝ የ20 ሊትሩ ጀሪካን ግማሹ ይቀራል። የሶስት ቀን ክምር ሲሆን ግን መጀመሪያ መዘፍዘፍ አለበት፣ የዘፈዘፍሽበት ይደፋል፣ የላርጎው ውሃ ሶስተኛው ሳህን ላይ ሳይደርስ ቅባት ሆኖ ይቀየራል፣ ማለቅለቂያው ሁለቴ ነው፣ ጀሪካኑ አለቀ። ያውም ድስቱ ገና ሳይነካ። ይሄን ለሷ በቃል አትተርኪላት፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጊዜ አብራችሁ እጠቡ፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። መጀመሪያ የተረፈውን በሶፍት ወይ በእንጀራ ጠርዝ ጥርግ፣ ከዚያ ብርጭቆ፣ ከዚያ ሳህን፣ ቅባት ያለው መጥበሻና ድስት መጨረሻ፣ የማለቅለቂያውን ውሃ ደግሞ አትድፊ፣ ሽንት ቤት ይደፋበታል ወይ የነገው ድስት ይዘፈዘፍበታል። አንዴ በዓይኗ ካየችው ይገባታል።

በርግጥ እየገመትኩ ነው፣ ልጅቷን አላውቃትም፣ ሳህን ማጠብ የምትጠላም ልትሆን ትችላለች። ግን መለየት ቀላል ነው። አሳይተሻት የሚቀጥለው ረቡዕ ካጠበች ጉዳዩ አለመግባባት ነበር። ረቡዕም ሐሙስም ክምሩ ካለ ሌላ ወሬ ነው፣ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ወደ ድምፁ ስመጣ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። «ከ4 ሰዓት በኋላ» አልሻት፣ «እሺ» አለች። የቱ 4? የሷ ስልክ ላይ 4:00 ማለት እኮ ያንቺ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው! አንቺ 6 ሰዓት ላይ አልጋሽ ላይ ጣራ እያየሽ ስትራገሚ እሷ ስልኳ ላይ 00:00 ነው የምታየው፣ ቃሏን ልታፈርስ ገና አራት ሰዓት ይቀራታል። በሷ ሒሳብ ከሰጠሻት ሰዓት በጣም ቀድማ የምትተኛ ጨዋ ልጅ ናት። የኛን አቆጣጠር ክላስ ተምራዋለች፣ እርግጠኛ ነኝ፣ የውጭ ሰው መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ነው፣ ግን መማርና እንቅልፍ ባለው ጭንቅላት ኮሪደር ላይ የተባለን ነገር ስድስት ሰዓት ጨምሮ ማሰብ ይለያያል። እኔ ራሴ የአውሮፕላን ትኬት ላይ ስንቴ ተሸውጃለሁ። ስለዚህ ለሷ ሰዓት ስትጽፊ ሁልጊዜ በስልኳ አቆጣጠር ጻፊ፣ 22:00 ካልሽ ሁለት ትርጉም የለውም።

ለምን በዚያ ሰዓት እንደምትደውልም እወቂ፣ ምክንያቱም ካላወቅሽ የማይሆን ነገር ትጠይቂያታለሽ። ጀርመን በክረምታቸው ከኛ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ናቸው፣ ከፈረንጆቹ መጋቢት መጨረሻ እሁድ እስከ ጥቅምታቸው መጨረሻ እሁድ ደግሞ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ይሆናል። ያንቺ ማታ 4 ሰዓት በክረምታቸው እዚያ ገና ምሽት 2 ሰዓት ነው፣ ጓደኞቿ ከስራ ገብተው እራት በልተው ሶፋ ላይ የተቀመጡበት። ስለዚህ «ማታ አትደውዪ» ብትያት ከሰው ቆረጥሻት ማለት ነው። «ከ20:00 እስከ 22:00 ደውዪ» ብትያት ግን እነሱ ከስራ የወጡበት ሰዓት ላይ ይወድቃል፣ ይቻላል።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እነሱ አገር የሌሊት ጸጥታ የሚባል ነገር አለ፣ ናኽትሩኤ ይሉታል፣ በተለምዶ ከ22:00 እስከ 6:00 ነው፣ አፓርታማ ውስጥ ጎረቤት በዚህ ቀልድ አያውቅም። ልጅቷ ይሄን ይዛ ነው ያደገችው። ታዲያ ለምን አንቺ ቤት ረሳችው? እኔ የሚመስለኝ ከተማችንን ስለሰማች ነው። ሌሊት ውሻው፣ ንጋት ላይ አዛኑና የቅዳሴው ማይክራፎን፣ ከታች የግሮሰሪው ስፒከር፣ ሚኒባሱ ረዳት ገና ሳይነጋ «ሜክሲኮ ሜክሲኮ!»። እዚህ አገር ድምፅ ማንንም አይረብሽም ብላ ደምድማለች። አንቺ ደግሞ «ችግር የለም» እያልሽ ድምዳሜውን አጸናሽላት። ስለዚህ አዲስ ህግ እያወጣሽባት አይደለም፣ የምታውቀውን ህግ እዚህም እንደሚሰራ ነው የምትነግሪያት። ይሄ ፍርሃትሽን ይቀንስልሻል ብዬ ነው።

እሺ፣ ቴክስቱ ይኸውልሽ። ሲያዩት ደረቅ ይመስላል፣ ሆን ብዬ ነው፣ ታች አስረዳሻለሁ።

«ሰላም። ቀስ ብለሽ እንድታነቢው ብዬ ነው የጻፍኩት። ያልገባሽ ቃል ካለ ጠይቂኝ። ሁለት ነገር እፈልጋለሁ።

አንደኛው ሳህን ነው። የበላሽበትን ሳህንና ድስት እባክሽ በዚያው ቀን፣ ከመተኛትሽ በፊት እጠቢ። ውሃ በማይመጣበት ቀንም እጠቢ። በረንዳ ላይ ካለው ጀሪካን ውሃ ውሰጂ። "ውሃ ቆጥቢ" ያልኩሽ "አትጠቢ" ማለቴ አልነበረም። በደንብ አላስረዳሁሽም፣ ይቅርታ። ሳህን ሲያድር በረሮ ይመጣል፣ ሲደርቅም ለማጠብ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። እኔ እንዴት እንደማጥብ ቅዳሜ ጠዋት አሳይሻለሁ።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። እኔ በ5:00 እነሳለሁ። ከ22:00 እስከ 5:00 ክፍልሽ ውስጥ ስልክ አታውሪ። ይህ በስልክሽ ሰዓት ነው። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ፣ እንቅልፍ አልተኛም። በዚያ ሰዓት ማውራት ካለብሽ ሳሎን ሂጂ፣ በር ዝጊ፣ በቀስታ አውሪ።

እኔም ጠዋት መዝሙር በኢርፎን እሰማለሁ። ከሰኞ እንጀምር። የማይመችሽ ነገር ካለ ዛሬ ወይ ነገ ንገሪኝ። አብረን መኖራችን ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ቡና አፈላለሁ።»

አየሽ፣ «እጠቢ» ስትዪ እጅሽ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ። ለኛ ጆሮ ትዕዛዝ ነው፣ እናት ለልጅ፣ አሰሪ ለሰራተኛ የሚለው። ለሷ ግን «እጠቢ» ማለት ማን ምን እንደሚያደርግ ያለጥርጥር የሚያሳውቅ፣ ክላስ ላይ የተማረችው ቅርጽ ነው፣ ከፊቱ «እባክሽ» ስላለ ደግሞ ጨዋ ነው። «እባክሽ»ን አንድ ጊዜ ብቻ ያስገባሁት ግን አውቄ ነው፣ ሶስት አራት ቦታ ከደጋገምሽው ልመና ይሆናል፣ ልመና ደግሞ እምቢ ይባላል።

ይቅርታም አንድ ናት፣ ያውም ለሰራሽው ስህተት፣ በደንብ ላላስረዳሽበት። «ይቅርታ ግን» ብለሽ የምትጀምሪው ያንቺ ይቅርታ ለምንድነው? ለመተኛት ስለፈለግሽ? እሱን አውጪው። ፈገግታዋን ኢሞጂም አውጪያት፣ ቆፍጠን ካለ ዓረፍተ ነገር ኋላ ስትለጠፍ የተናገርሽውን ሁሉ ትሰርዘዋለች፣ ከፈለግሽ ቡናው ጋ ለጥፊያት።

«ሁልጊዜ» እና «በጭራሽ» የሚሉ ቃላትም አላስገባሁም፣ ምክንያቱም «በጭራሽ አታጥቢም» ካልሻት «ማክሰኞ አጥቤያለሁ» ትልሻለች፣ እውነቷን ነው፣ ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል። እና ደግሞ የጎረቤት ስም እንዳትጠሪ! ታውቂያለሽ ያንን ልማዳችንን፣ «እኔ እንኳን ግድ የለኝም ግን ከጎን ያሉት ሰዎች እያጉረመረሙ ነው»። የፈለግሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ በይ። አለዚያ ልጅቷ ጎረቤት ጋ ሄዳ በር አንኳኩታ ይቅርታ ትጠይቅና ጉድ ትሰሪያለሽ፣ እነዚህ ሰዎች ያደርጉታል።

መቼ ትልኪያለሽ? በምንም ተአምር ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ተናደሽ እንዳትልኪው። አርብ ከስራ ስትገቢ፣ እሷም ቤት ስትሆን፣ 1 ሰዓት አካባቢ ላኪው። አርብ ውሃ ይመጣል፣ ጀሪካኑ ሁሉ ይሞላል፣ ቅዳሜ ለማሳያ ውሃ አላችሁ፣ በዚያ ላይ ክምሩን አጥባ ስለምትጨርስ ሲንኩ ባዶ ነው፣ ስለ አሮጌ ሳህን ሳይሆን ስለሚመጣው ነው የምታወሩት። ቮይስ አትላኪ፣ አማርኛሽ ይፈጥንባታል፣ ጽሁፍ ግን ደጋግማ ታነበዋለች፣ በኋላም «እንዲህ አላልሽም» አትባባሉም።

ቅዳሜ ቡናው ላይ አንድ ነገር ፈትኑ። አንቺ አልጋሽ ላይ ጋደም በይ፣ እሷ ሳሎን ሆና እንደ ማታው ታውራ። ይሰማሻል ወይ? የሚሰማሽ ከሆነ ምናልባት በርሽ ስር ባለው ክፍተት ነው የሚገባው፣ አሮጌ ጋቢ ጠቅልለሽ ድፈኚውና እንደገና ሞክሩት። እሷ ክፍል ውስጥም ቁም ሳጥኑን ወደጋራው ግድግዳ ማስጠጋት ትንሽ ይረዳል፣ ልብስ የሞላበት ከሆነ። ኢርፎን አድርጊ ብለሽ ግን መፍትሄ ያገኘሽ እንዳይመስልሽ፣ የሚሰማሽ የጓደኛዋ ድምፅ ብቻ ሳይሆን የሷም ነው፣ ሁለቱንም ጆሮ የደፈነ ሰው ደግሞ የራሱን ድምፅ በደንብ ስለማይሰማ ጭራሽ ይጮሃል። ኔትወርክ ሲቆራረጥማ አትጠይቂኝ፣ ሁላችንም «ሄሎ! ሄሎ! ይሰማል?» ብለን ሰፈር እንቀሰቅሳለን። አንዱን ጆሮ ብቻ ታድርግ፣ አንዱን ትተወው።

መዝሙሩን ለምን አስገባሽብኝ እንደምትዪ አውቃለሁ። ፊቷ ይጠቁራል አላልሽም? በ11 ሰዓት በስፒከር ነው አይደል? ለሷ 5:00 ነው፣ ያቺ ልጅም ካንቺ እኩል ግድግዳ አላት። ቴክስትሽን ስትልኪ መጀመሪያ የምትመልስልሽ እሱን ነው፣ ስለዚህ ቀድመሽ አንቺው አንሺው። ከጸሎትሽ የሚቀንስ ነገር የለም፣ ኢርፎን ነው ያልኩሽ። ለቡናው ከሰል የምታቀጣጥዪ ከሆነም ተዘጋጂ፣ ጭሱን ልታነሳብሽ ትችላለች፣ ቡናውን በረንዳ ላይ አፍይው።

«ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?» ትልሻለች። መቶ በመቶ ማለት እችላለሁ ትልሻለች። ያን ጊዜ እንዳትከራከሪ፣ «በኛ ባህል እኮ» ብለሽ ትምህርት እንዳትጀምሪ፣ «ልክ ነሽ፣ ከአሁን በኋላ በዚያው ቀን እነግርሻለሁ» በያትና ቡናሽን ጠጪ። ወረቀት አምጥታ ሰኞ እሷ ማክሰኞ አንቺ ብላ ሰንጠረዥ ሰርታ ፍሪጅ ላይ ብትለጥፍም አትቀየሚ። ጀርመን ቤት የሚጋሩ ወጣቶች ፑትስፕላን የሚሉት ነገር ነው፣ የጽዳት ተራ ማለት፣ ንቀት አይደለም። እንዲያውም ለጠፈች ማለት በቁም ነገር ወሰደችው ማለት ነው፣ ስምሽን በፊደል አሳስታ ጽፋውም ቢሆን።

አሁን ካልሰራስ? ሁለት ሳምንት ስጫት። በመሀል አንድ ቀን ብትረሳ ቴክስት አያስፈልግም፣ ፊት ለፊት «ሳህንሽ አለ» ብቻ፣ ሁለት ቃል። ደጋግማ ከተወችው ግን ሁለተኛው ቴክስት ይሄ ነው፦

«ሰላም። ባለፈው ተስማምተን ነበር። በዚህ ሳምንት ሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሳህን አድሯል። ሁለት ምርጫ አለን። ወይ በዚያው ቀን ታጥቢያለሽ፣ ወይ በሳምንት ሶስት ቀን ተመላላሽ ትመጣለች፣ ገንዘቡን አንቺ ትከፍያለሽ። እስከ እሁድ ንገሪኝ።»

ቀን ጠቅሰሽ ነው የምትጽፊው፣ ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ስልክሽ ላይ ያዢው፣ ከጭንቅላትሽ አትናገሪ። ተመላላሿን በሳምንት አንዴ እንዳታደርጊያት ደግሞ፣ ያው ክምሩ ይመለሳል፣ በረሮውም እንደዛው፣ ለሷም ግፍ ነው። የማታው ድምፅ ግን በገንዘብ አይፈታም። ሰዓቱ ገብቷት፣ ሳሎን እያለላት፣ አሁንም አልጋዋ ላይ ሆና የምትስቅ ከሆነ ይቺ ልጅና አንቺ ቤት መጋራት አትችሉም፣ የአንድ ወር ጊዜ ሰጥተሻት በሰላም ትለያያላችሁ። ይሄን ከማለትሽ በፊት ግን ከአከራይሽ ጋር ያለሽን ውል አውጥተሽ አንብቢው፣ ክፍል ማካፈል ተፈቅዶልሽ ነው ወይስ በዝምታ? በዝምታ ከሆነ «ውጪልኝ» የምትዪበት ጉልበት ላይኖርሽ ይችላል፣ የማትፈጽሚውን ነገር ደግሞ ቴክስት ላይ አትጻፊ።

እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም። እኔ የምፈራው እሷን ሳይሆን አንቺን ነው። ረቡዕ ማታ ከስራ ስትገቢ ሲንክ ውስጥ አንዲት ብርጭቆ ታገኛለሽ፣ የሷ ናት፣ ሻይ የጠጣችበት፣ አንቺም ደክሞሽ «አንዲት ናት እኮ» ብለሽ እጅሽን ትዘረጊያለሽ። አትንኪያት። እጅሽን ታጠቢ፣ እራትሽን ብዪ፣ የራስሽን ሳህን እጠቢ፣ ብርጭቆዋን እዚያው ተያት። ገና 22:00 አልሆነም፣ በሯን አንኳኪና «ብርጭቆሽ» በያት።